ከሩቅ የተነሳው አሞራ የትኛው ነው?

ረፋድ ላይ አዲስ አበባ ቄራ አካባቢ ቀና ብሎ ላየ ሰው ሰማዩ ባዶ ሆኖ አያውቅም። ጭላቶች ዝቅ ብለው ከጣሪያ ጣሪያ ይዞራሉ። ከእነሱ በላይ ጥንብ አንሳዎች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ይሽከረከራሉ። አልፎ አልፎም ከሁሉም በላይ ንስር ያልፋል። ይህን አይቶ ስልኩን ያወጣና ፎቶ ያነሳ ሰው ግን በኋላ አጉልቶ ሲያየው የሚያገኘው ነጭ ሰማይ ላይ የተቀመጠች ጥቁር ምልክት ነው። ምንቃሩ አይለይም፣ እግሩ አይታይም፣ የላባው ቀለም ጠፍቷል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ፎቶውን ይሰርዘዋል፤ ወይም «ንስር» ብሎ ለወዳጆቹ ይልከዋል።

ፎቶው ግን አልተበላሸም። የወፍ ተመራማሪዎች በየተራራው አናት ቆመው አዳኝ አእዋፍን ሲቆጥሩ ከሚያዩዋቸው አብዛኞቹ ከዚህች ጥቁር ምልክት የተሻሉ አይደሉም። የሚለዩዋቸው በቀለም ሳይሆን በቅርጽ ነው፤ ከቅርጽም በተለይ በክንፍና በጅራት።

በቅድሚያ ስለ ስሞቹ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። በየአካባቢው ጭላትና ጭልፊት የሚሉት ስሞች እየተቀያየሩ ይነገራሉ፤ ከእጅ ላይ ሥጋ የሚነጥቀውንም ከተሜው ብዙ ጊዜ ጭልፊት ይለዋል። እዚህ ግን ጭላት የሚባለው በከተማና በገበያ ላይ የሚዞረው ቢጫ ምንቃር ያለው ነጣቂ ነው። ጭልፊት የሚባሉት ደግሞ ጫካ ውስጥ ወፍ የሚያባርሩትና በሜዳ ላይ አይጥ የሚያድኑት ናቸው። ንስርና ጥንብ አንሳ እንደተለመደው ይቆያሉ።

ፎቶ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ዓይኑን የሚጥለው ቀለምና ትልቅነት ላይ ነው። ሁለቱም ያሳስታሉ። ሰማዩ እጅግ ብሩህ ስለሆነ ካሜራው ለእሱ ሲያመቻች ወፉ ይጠቁራል፤ ከስር ነጭ የሆነው ክንፍ እንኳ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ትልቅነቱን የሚያነጻጽሩበት ነገር ደግሞ ባዶ ሰማይ ላይ የለም። ክንፉን ሲዘረጋ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ጭላት በ100 ሜትር ርቀት ላይ፣ ክንፉን ሲዘረጋ 2 ሜትር ከ40 የሚሆን ትልቅ ጥንብ አንሳ ደግሞ በ160 ሜትር ርቀት ላይ ቢነሱ፣ ሁለቱም ፎቶው ላይ እኩል ይሆናሉ። ስለዚህ «በጣም ትልቅ ነበር» የሚለው ምስክርነት፣ አጠገቡ የታወቀ ሌላ ወፍ ከሌለ፣ ብዙ አይረዳም።

የማያሳስተው የአንዱ አካል ከሌላው ጋር ያለው ምጣኔ ነው። ወፉ ቢርቅም ቢቀርብም ምጣኔው አይለወጥም። ከሁሉም የሚጠቅመው ልኬት እንዲህ ይወሰዳል። ወፉ ክንፉን ዘርግቶ በላይ ሲያልፍ የተነሳ ፎቶ ይመረጥና ይጎላል። ክንፉ ከሰውነቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ ከፊተኛው ጠርዝ እስከ ኋለኛው ጠርዝ ያለው ስፋት በወረቀት ጫፍ ላይ ምልክት ይደረግበታል። ከዚያ ያው ወረቀት ወደ ጅራቱ ይወሰድና ከክንፉ ኋለኛ ጠርዝ ወደ ኋላ የወጣው ጅራት ምን ያህል እንደሚሆን ይታያል። ቁጥር እንኳ አያስፈልግም። ጅራቱ ከክንፉ ስፋት ይበልጣል? ይስተካከላል? ወይስ ግማሹን አይሞላም?

ጅራቱ የክንፉን ስፋት ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥንብ አንሳ ነው። ለመስተካከል ትንሽ የቀረው ወይም የተስተካከለ ከሆነ ወደ ንስር ያደላል። ከክንፉ ስፋት ከበለጠ ደግሞ ጭላት ወይም የጫካ ጭልፊት ነው። ይህ የመጀመሪያው ወንፊት ነው፤ የሚያመልጡት አሉ፣ ወደ እነሱም እንመለሳለን።

ከአራቱ በቶሎ የሚታወቀው ጭላት ነው። ጅራቱ ረጅም ሲሆን ጫፉ መሐል ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሁለቱ ዳርና ዳር ይሾላሉ። በአገራችን ሰማይ ላይ በብዛት ከሚታዩት ትልልቅ አዳኞች እንዲህ ያለ ጅራት ያለው እሱ ብቻ ነው። ክንፉም ቀጥ ብሎ አይዘረጋም፤ መሐሉ ላይ ከአንጓው ተሰብሮ ጫፉ ወደ ኋላ ያዘነብላል።

ጅራቱ ግን ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ጭላት ጅራቱን እንደ መሪ ይጠቀምበታል፤ በሱቅና በኤሌክትሪክ ሽቦ መሐል ሲጠማዘዝ ጅራቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያጋድለዋል፣ ሲዞር ደግሞ በሰፊው ይዘረጋዋል። በተዘረጋ ጊዜ የመሐሉ ግባት ይጠፋና ጫፉ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። እንደዚያ ያለ ፎቶ ያየ ሰው «ጅራቱ አልተሰነጠቀም፣ እንግዲህ ጭላት አይደለም» ብሎ ይደመድማል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ መታየት ያለበት የጅራቱ ማዕዘን ነው። የጭላት ጅራት ተዘርግቶም ቢሆን ሁለቱ ዳሮች ሹል ማዕዘን ሆነው ይቀራሉ፤ የንስርና የጥንብ አንሳ ጅራት ግን ሲዘረጋ ዳሩ ይከብባል። ሌላው ማስረጃ አንድ ወገን አጋድሎ መገኘቱ ነው። በፎቶው ላይ ሰውነቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ሳለ ጅራቱ ብቻውን ከተጠመዘዘ ጭላት ለመሆኑ ብዙ መጠራጠር አያስፈልግም። ገና ያላደገ ጭላት የጅራቱ ግባት ጥልቅ ስላልሆነም ከአንድ ፎቶ ይልቅ ተከታታይ ሦስት አራት ፎቶ ይሻላል።

ጥንብ አንሳ የዚህ ተቃራኒ ነው። እሱ ሕይወት ያለው ነገር አያባርርም፤ ስለዚህ እንደ መሪ የሚያገለግል ረጅም ጅራት አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሰፊ ክንፍ ነው፤ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ወደ ላይ የሚነሳው ሞቃት አየር ተሸክሞ እንዲያወጣው። ለዚህም ነው በማለዳ በብዛት የማይታየው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ወዲያ፣ መሬቱ ሲሞቅ፣ አንድ በአንድ ይነሳሉ። ፎቶው የተነሳበት ሰዓት ራሱ ማስረጃ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ቅርጹ በአጭሩ የተዘረጋ ሳንቃ ነው፦ ሰፊ፣ ረጅም፣ ጫፉ ላይ እንደ ጣት የተበተኑ ላባዎች ያሉት ክንፍ፤ ከኋላው የተቆረጠ የሚመስል አጭር ጅራት፤ ከፊቱ ደግሞ ምንም የሌለ ይመስላል። ራሱ ትንሽ ከመሆኑም በላይ ሲንሳፈፍ አንገቱን ወደ ትከሻው ስለሚሰበስብ በፎቶ ላይ ከክንፉ ፊት ለፊት የምትወጣው ራስ እዚህ ግባ የማትባል ናት። በከተማችን በብዛት የሚታየው ትንሹ ጥንብ አንሳ፣ ራሱ በቡናማ ለምድ የተሸፈነ የሚመስለው፣ ክንፉን ሲንሳፈፍ ጠፍጣፋ አድርጎ ይይዛል። ትልልቆቹ፣ በገደል ላይ ጎጆ የሚሠራው የሩፔል ጥንብ አንሳና በቆላ ዛፍ ላይ የሚሰፍረው ነጭ ጀርባ ጥንብ አንሳ፣ የክንፋቸው ኋለኛ ጠርዝ መሐሉ ላይ ወደ ውጭ ያብጣል፤ ወደ ሰውነቱና ወደ ጫፉ ሲቃረብ ይጠባል። ይህ እብጠት ጥቁር ምልክት በሆነ ፎቶ ላይም ጎልቶ ይታያል።

እነዚህ ወፎች ምን ያህል ከፍ እንደሚሉ አንድ ክስተት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1973 በአይቮሪ ኮስት አቢጃን ሰማይ ላይ አንድ አውሮፕላን ከሩፔል ጥንብ አንሳ ጋር ተጋጨ። አውሮፕላኑ ይበር የነበረው በ37,000 ጫማ፣ ማለትም ከ11,000 ሜትር በላይ ነበር። እንዲህ ያለ ወፍ ከመሬት በስልክ ሲነሳ ነጥብ ቢሆን አይገርምም።

ንስርን ከጥንብ አንሳ ለመለየት ጅራቱ ካልበቃ ራሱ ይረዳል። ንስር አዳኝ ነው፤ አንገቱ ጠንካራ፣ ራሱ ትልቅ፣ ምንቃሩም ከባድ ነው፤ ስለዚህ ከክንፉ ፊት ለፊት ጎልቶ ይወጣል። በዓይን ሲመዘን ወደ ፊት የወጣው ራስና አንገት ወደ ኋላ ከወጣው ጅራት ግማሽ ያህሉን ይይዛል፣ አንዳንዴም ይበልጣል። ክንፉም እንደ ጥንብ አንሳ ያበጠ አይደለም፤ የፊቱና የኋላው ጠርዝ ከሞላ ጎደል ተስተካክለው ይሄዳሉ። በደጋውም በቆላውም የሚገኘው ቡናማ ንስር እንዲህ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከመካከለኛው እስያና ከሩሲያ ሜዳዎች የሚመጣው የሜዳ ንስርም እንዲሁ ነው። ሁለቱን ከሩቅ ፎቶ መለየት ለባለሙያም ስለሚከብድ «ንስር» ብሎ ማቆሙ ምንም ነውር የለበትም።

በገደላማ ቦታ ሽኮኮ የሚያድነው ጥቁር ንስር ግን ከማንም ጋር አይመሳሰልም። ክንፉ ከሰውነቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጠባብ ነው፤ መሐሉ ላይ ይሰፋና ጫፉ ላይ እንደገና ይጠባል። ክንፉ ሥሩ ላይ ቀጭን ሆኖ ከታየ፣ ፎቶውም ከሰሜን ተራሮች፣ ከባሌ ወይም ከአባይ ገባሮች ሸለቆ ከተነሳ፣ እሱን መገመት ይቻላል።

አሁን ወደ አምላጮቹ። በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ የጅራቱን ሕግ የሚያፈርሱ ሦስት ወፎች አሉ፤ ሦስቱም ብርቅ ስላልሆኑ ማወቃቸው ግድ ይላል።

አንደኛው በደጋው ሜዳ ላይ በየስልክ እንጨቱ አናት የሚቀመጠው አይጥ አዳኝ ጭልፊት ነው፤ የወፍ መጻሕፍት አውጉር ይሉታል። ጅራቱ አጭር ነው፤ ሲለካ የጥንብ አንሳን ያህል ሊሆን ይችላል። ክንፉም ሰፊ ነው። ጀማሪ ሰው በሱ ያልተታለለ የለም። የሚያጋልጠው ግን ክንፉን የሚይዝበት መንገድ ነው። ከፊት ወይም ከኋላ ሲታይ ሁለቱን ክንፎች ወደ ላይ ቀና አድርጎ ይይዛቸዋል፤ ጥንብ አንሳ ግን ጠፍጣፋ ወይም በጥቂቱ ብቻ ከፍ ያለ ነው። በተጨማሪም ነፋስ ባለበት ቦታ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ይንሳፈፋል፤ አሥር ሰከንድ ልዩነት ያላቸው ሁለት ፎቶዎች ላይ ወፉ ከአንድ ዛፍ በላይ በዚያው ቦታ ከተገኘ ጥንብ አንሳ አይደለም። ፎቶው ትንሽ ብርሃን ካለው ደግሞ የአብዛኞቹ የክንፍ ውስጥ ነጭ፣ ኋለኛው ጠርዝ ጥቁር፣ ያደገውም ከሆነ ጅራቱ የጡብ ቀለም ነው። ሙሉ ጥቁር የሆኑም ስላሉ ቀለሙ ብቻውን አይታመንም።

ሁለተኛው በቆላው የሚበረው ጅራተ ቆራጣ ንስር ነው። ጅራቱ እጅግ ከማጠሩ የተነሳ ሲበር እግሩ ከጅራቱ ጫፍ አልፎ ይታያል። በጅራት ሕግ ብቻ ቢሄዱ ጥንብ አንሳ ይሆናል። ክንፉ ግን ረጅም ሆኖ ጫፉ ይሾላል፣ ወደ ላይም ቀና ይላል፤ ሲንሳፈፍ ደግሞ ሁለቱን ወገን እያፈራረቀ ይወዛወዛል። ጅራት የሌለው የሚመስል፣ ራሱ ግን ትልቅ የሆነ ወፍ በአዋሽ ወይም በኦሞ ሸለቆ ፎቶ ላይ ከተገኘ እሱ ነው።

ሦስተኛው አጥንት ከፍ ካለ ቦታ ጥሎ እየሰበረ የሚበላው ባለ ጢሙ ጥንብ አንሳ ነው። ክንፉን ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ከ30 እስከ 2 ሜትር ከ80 ይደርሳል። ጥንብ አንሳ ቢሆንም ጅራቱ ረጅም ነው፤ መሐሉ ሰፍቶ ጫፉ ይሾላል። ክንፉም ከሌሎቹ ይልቅ ጠባብና ሹል ነው። ጅራቱ ረጅም ስለሆነ ከጭላት ጋር የሚያምታቱት አሉ፤ ነገር ግን የጭላት ጅራት መሐሉ ወደ ውስጥ ሲገባ የሱ ወደ ውጭ ይወጣል። ይህን አንድ ነገር ብቻ ያስተዋለ አይሳሳትም።

የጫካው ጭልፊት ጉዳይ ቀላል ነው። ክንፉ አጭርና ክብ፣ ጅራቱ ረጅምና ጠባብ ነው፤ በዛፎች መሐል ለመጠማዘዝ የተሠራ ነው። በረራውም ጥቂት ፈጣን ማርገብገብ፣ ከዚያ አጭር መንሸራተት፣ እንደገና ማርገብገብ ነው። ሰማይ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲሽከረከር እምብዛም አይታይም።

ይህ ሁሉ በአንድ ፎቶ ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ የተነሳ አንድ ፎቶ እናስብ። ቦታው ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ገደሉ የሩፔል ጥንብ አንሳ፣ የባለ ጢሙ፣ የጥቁር ንስርና የአውጉር ሰማይ ነው። ፎቶው ላይ ሦስት ጥቁር ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው ሲጎላ ጅራቱ የክንፉን ስፋት ግማሽ አይሞላም፤ ራሱም አይታይም ማለት ይቻላል። ከጥንብ አንሳና ከአውጉር ውጭ ሌላ አማራጭ የለም። ቀጣዩ ፎቶ ላይ ወፉ ሲዞር ከጎን ታይቷል፤ ክንፉ ወደ ላይ ቀና አላለም፤ ኋለኛው ጠርዝም መሐሉ ላይ አብጧል። ስለዚህ ትልቅ ጥንብ አንሳ ነው፤ በገደሉ ላይ መገኘቱ ደግሞ ወደ ሩፔል ያደላዋል።

ሁለተኛው ምልክት ከአጠገቡ ስላለ የታወቀ መለኪያ ተገኝቷል ማለት ነው፤ ከጥንብ አንሳው ግማሽ ብዙም አይበልጥም። ጅራቱ አጭር ነው፣ ክንፉ ቀና ብሏል፦ አውጉር። ሦስተኛው ግን ከታች ወደ ላይ ሳይሆን ከፊት ለፊት እየመጣ ነው የተነሳው። ከዚህ አቅጣጫ ጅራት የለም፤ የክንፍ ስፋትም አይለካም። ክንፉ በጥቂቱ ቀና ማለቱ ብቻ ይታያል፤ ይህም ለጥቁር ንስርም፣ ለአውጉርም፣ ለሌላም ይሆናል። የዚህ መልስ «አዳኝ ወፍ» ነው፤ ከዚያ ማለፍ መገመት ነው።

ግምትን ለመቀነስ ከሁሉ የሚሻለው ገና ሲነሳ መጠንቀቅ ነው። ወፉ ሲሽከረከር በተከታታይ ማንሳት፣ በተለይ ሲዞር ሆዱን ወደ ተመልካቹ የሚያዞርበትን ቅጽበት መጠበቅ፤ ስልኩ ላይ ወፉን ነክቶ ብርሃኑን ወደ ላይ መጨመር፤ ሰማዩ ቢነጣም ወፉ ይወጣ። በስልክ አብዝቶ ማጉላት ጠርዞቹን ስለሚያለሰልሳቸው የጅራቱን ማዕዘን ያጠፋል፤ ባነሰ ማጉላት አንስቶ በኋላ መቁረጥ ይሻላል። ወፎች ላባቸውን በሚቀይሩበት ጊዜ ክንፋቸው ላይ ወይም ጅራታቸው ላይ ክፍተት ይታያል። በአንድ ወገን ብቻ ያለ ክፍተት የወደቀ ላባ እንጂ የዝርያ ምልክት አይደለም፤ ሁለቱንም ወገን ማነጻጸር ይገባል። ወደ ታች ሲወረወር የተነሳ ፎቶ ደግሞ ለመለያ አይሆንም፤ በዚያ ጊዜ ሁሉም ክንፉን ሰብስቦ ጫፉን ያሾላል።

እንዲህ የተለየ ፎቶ ጥቅም አለው። በከተማችን የሚዞረው ትንሹ ጥንብ አንሳ፣ የሩፔልና ነጭ ጀርባ ጥንብ አንሳ ሦስቱም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ናቸው፤ መርዝ የተቀባ ሥጋ ዋናው ጠላታቸው ነው። የት እንደቀሩ የሚታወቀው በሚያዩዋቸው ሰዎች መዝገብ ነው። ፎቶ ያለው ሰው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ጽፎ eBird በተባለው የወፍ መመዝገቢያ ላይ ያስገባው፤ ዝርያውን ካላወቀ እዚያው «ንስር» ወይም «ጥንብ አንሳ» ብቻ ብሎ የሚመዘግብበት ቦታ አለለት።